ለጡረታ ሰባት ሳምንት ሲቀረው የተሰናበተው ሾፌር

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬ 59 ነው፤ ጥቅምት ላይ 60 እሞላለሁ። በአንድ የግል የጭነት ድርጅት ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ሾፌር ነበርኩ። መተማ፣ ሁመራ፣ አዲስ አበባ ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ግንቦት 12 ቀን 2017 ቢሮ ጠርተው ደብዳቤ ሰጡኝ። «በከባድ ቸልተኝነት ንብረት በማበላሸትዎ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናብተዋል» ይላል። የካቲት 25 አዘዞ መግቢያ ላይ ባጃጅ ላድን ስል ከቆመ መኪና ጋር ተነካክቼ ነበር። ስፖኪዮና ፓራውልት ነው የተጎዳው። በዚያው ሰዓት ለአሠሪዬ ደውዬ ስነግረው «ዋናው አንተ ደህና መሆንህ ነው» ብሎኝ ነበር።

ጡረታዬን ስጠይቅ ደግሞ በስሜ መዋጮ የገባው ከሐምሌ 2007 ወዲህ ብቻ ነው አሉኝ። ለጡረታ የሚያበቃው አሥር ዓመት የሚሞላው ሰኔ 30 ነበር። ሰባት ሳምንት ሲቀረኝ ማለት ነው። ሚስቴ ይህን አታውቅም፤ ጡረታዬ ያለቀለት ነው የሚመስላት።

አሠሪዬ አበልጄ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። አሁን ሽማግሌ ልኮ «50,000 ብር ልስጠው፣ ክሊራንስ ይፈርምና ይብቃን» ብሏል። ሚስቴ «ተቀበል፣ ከአበልጅ ጋር ፍርድ ቤት አንቆምም» ትላለች። ልጄ «ክሰሰው» ይላል። ደሞዜ 12,000 ብር ነበር። ሽማግሌዎቹ እሁድ መልስ ይጠብቃሉ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባው ሾፌር፣ ከጎንደር

መልስ፦

ጋሼ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። አንዱን ግን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ እሁድ ምንም ወረቀት አይፈርሙ። ሽማግሌዎቹን በክብር ይቀበሉ፤ ቡናውም ይፈላ። ብዕሩ ብቻ ይቆይ። ይህን የምለው አሠሪዎን ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አይደለም። ያ ወረቀት «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» የምትል አንዲት መስመር ይኖረዋል ብዬ ስለምጠረጥር ነው። እርስዎ ደግሞ የሚጠይቁት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ገና አላወቁም።

የሚያመው ገንዘቡ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ልጅዎን በክንዱ ይዞ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው የስንብት ደብዳቤ ሲሰጥዎት፣ የሃያ አንድ ዓመቱ መንገድ ሁሉ ባንድ ቀን ሌላ መልክ ይይዛል። «ዋናው አንተ ደህና መሆንህ ነው» ያለው አንደበትና ያንን ደብዳቤ የፈረመው እጅ የአንድ ሰው መሆናቸውን ማመን ይከብዳል። ስለዚህ እሁድ ላይ ቢናደዱ ወይም ቃል ቢያጥርዎት አይፈሩበት። በዚያ ስሜት ላይ ሆነው ግን አይወስኑ።

አሁን ወደ ሰባቱ ሳምንት እንምጣ። ደብዳቤዎን ሳነብ ቀልቤን የሳበው እሱ ነው። እርስዎ ለጡረታ ሰባት ሳምንት እንደቀረዎት ነው የሚያስቡት። በአሠሪዎ መዝገብ ከሄድን ልክ ነዎት። በሕጉ ከሄድን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ነው። መዋጮውም የጀመረው ከዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አሠሪ የሠራተኛውን ድርሻ ከደሞዝ ቀንሶ፣ የራሱን ጨምሮ የማስገባት ግዴታ አለበት። ዛሬ የሠራተኛው 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ ነው። «ይህን ሠራተኛ ከ2007 ጀምሬ ላስመዝግበው» ብሎ መምረጥ ለአሠሪ የተተወ ነገር አይደለም። እርስዎ ሕጉ ሲወጣ ሥራ ላይ ነበሩ። ስለዚህ የእርስዎ አገልግሎት መቆጠር ያለበት ከሐምሌ 2003 ነው። ከዚያ እስከ ተሰናበቱበት ቀን 13 ዓመት ከ10 ወር ያልፋል። አሥር ዓመቱ የሞላው በ2013 ሰኔ መጨረሻ ነበር ማለት ነው። አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

እንግዲህ የጎደለው የአራት ዓመት መዋጮ ነው፤ ያጎደሉትም እርስዎ አይደሉም። ከ1996 እስከ 2003 የሠሩት ሰባት ዓመት ለጡረታ አይቆጠርም፤ ያኔ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ይህ ሥርዓት ገና አልነበረም። ለስንብት ክፍያ ግን ይቆጠራል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። በ2003 አካባቢ «ፕሮቪደንት ፈንድ» የሚባል፣ በጡረታ ፈንታ በድርጅቱ ውስጥ ለሠራተኛው የሚጠራቀም ገንዘብ ላይ ፈርመው ነበር? ያኔ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ድርጅቶች ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ የመምረጥ ዕድል ነበራቸው። እንደዚህ ዓይነት ወረቀት ከፈረሙ የአራቱ ዓመት ክርክር መልኩ ይለወጣል፤ ያኔ የሚጠይቁት የተጠራቀመው ፈንድ የት እንደገባ ነው። ካልፈረሙ፣ ወይም ድርጅቱ ፈንድ የሚባል ነገር ኖሮት የማያውቅ ከሆነ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።

ሌላም ልጠይቅ። የድሮ የደሞዝ ወረቀቶችዎን አስቀምጠዋል? ሾፌር ብዙ ጊዜ ወረቀት አይጥልም፤ ከመንጃ ፈቃድ እድሳትና ከቅጣት ደረሰኝ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ያንን ሳጥን ያውርዱት። ከ2003 እስከ 2007 ባለው ወረቀት ላይ «ጡረታ» ተብሎ የተቀነሰ ነገር ካለ ያስቀምጡት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መቶኛው ከዛሬው ያነሰ ስለነበር 7 በመቶ ካልሆነ አይደንግጡ። እንደዚያ ተቀንሶ መዝገቡ ላይ ከሌለ፣ ገንዘብዎ ከደሞዝዎ ወጥቶ የትም አልደረሰም ማለት ነው። ጨርሶ ካልተቀነሰም መብትዎ አይጠፋም። መቀነስ የነበረበት አሠሪው ነው፤ ሳይቀንስ ቢቀር ኃላፊነቱ የእሱ ነው።

ማረጋገጫውን ከማን ይጠይቃሉ? ከድርጅቱ ቢሮ አይጀምሩ። ጎንደርን ወደሚያገለግለው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። መታወቂያዎንና የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይያዙ። በስምዎ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር መዋጮ እንደገባ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። የቃል መልስ ይዘው አይመለሱ። ከዚያ «ከ2003 ጀምሮ ተቀጣሪ ነበርኩ፣ አሠሪዬ ያላስገባው መዋጮ እንዲሰበሰብልኝ» ብለው ማመልከቻ ያስገቡ፤ የተቀባዩን ማኅተም በግልባጩ ላይ ያስመቱ። አስተዳደሩ ያልተከፈለ መዋጮን ከነወለዱና ከነቅጣቱ የመሰብሰብ ሥልጣን አለው። ከባንክ ሂሳብ እስከማስቀነስ ይደርሳል። ለዚህ ግን ያኔ ተቀጣሪ እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የመኪና ርክክብ ቅጽ፣ የጭነት ማዘዣ፣ ስምዎ ያለበት ማንኛውም የድርጅቱ ወረቀት ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበልዎት። አሠሪዎ እርስዎ ጡረታ ባያገኙ አንዲት ብር አይተርፋቸውም። ጡረታውን የሚከፍሉት እሳቸው አይደሉም። ታዲያ ሰኔ 30 ሊደርስ ሲል ለምን ተቻኮሉ? የሰው ልብ አይታይም፤ እኔም አላየሁትም። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ የጡረታ ማመልከቻ ሲያስገባ ፋይሉ ይከፈታል። ከመቼ ጀምሮ ሠራ፣ ከመቼ ጀምሮ ተከፈለ የሚባለው ጥያቄ ይነሳል። የአራት ዓመት ጉድለት ያለበት ሰው ያንን ቀን አይወደውም። ይህ ግምት ነው፤ እሁድ ሽማግሌ ፊት እንደ እውነት አያንሱት። ግን ያ 50,000 ብር የሚገዛው ምን እንደሆነ ሲያስቡ ልብዎ ውስጥ ይኑር።

ወደ ስንብት ደብዳቤው ልለፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። አንዱ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የአሠሪውን ንብረት መጉዳት ነው። «ከባድ» የሚለው ቃል እዚያ ያለው በከንቱ አይደለም። ጠጥቶ መንዳት ወይም በእንቅልፍ እያናወዙ መንዳት አንድ ነገር ነው። ሰው የጫነ ባጃጅ ሲገባብህ መሪ ጠምዝዞ ስፖኪዮ መስበር ሌላ ነው። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ከነበረ ሪፖርቱ ምን እንደሚል ያውጡ። ረዳትዎም አብሮዎት ከነበረ ምስክር ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚጠቅምዎት ግን ቀኑ ነው። አሠሪ ለስንብት የሚያበቃ ጥፋት መኖሩን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ፣ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። ከየካቲት 25 እስከ ግንቦት 12 አሥራ አንድ ሳምንት ነው። ፋሲካውን፣ ስቅለቱን፣ የሠራተኞች ቀኑን፣ ሁሉንም በዓል አውጥተው ቢቆጥሩት እንኳ ከ30 የሥራ ቀን እጅግ ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄው «አሠሪው መቼ አወቁ?» የሚለው ይሆናል። የእርስዎን ስልክ ሊክዱ ይችላሉ። ጋራዡ ግን ለስፖኪዮና ለፓራውልቱ ደረሰኝ ቆርጧል፤ ቀን አለው። ለኢንሹራንስ ተነግሮ ከሆነም የተሞላው ቅጽ ቀን አለው። በዚያ ቅጽ ላይ የድርጅቱ ማኅተም ካለ፣ አላወቅንም ማለት አይቻልም። የእነዚህን ቅጂ ወይም ቢያንስ የት እንደሚገኙ አሁኑኑ ይያዙ። ፍርድ ቤት ከጋራዡም ሆነ ከኢንሹራንሱ እንዲቀርብ ሊያዝልዎት ይችላል።

ደግሞ ይህን ያስተውሉ። አሠሪዎ በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱዎት ቢፈልጉ ኖሮ፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሠራ ሰው ማስጠንቀቂያው ሦስት ወር ነው። ግንቦት 12 ላይ ሦስት ወር ሲጨመር ነሐሴ 12 ይመጣል። ሰኔ 30ን አልፎ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ ቢሰጥዎት ኖሮ በእሳቸው መዝገብ እንኳ አሥር ዓመቱ ይሞላ ነበር። ይህንን ለዳኛ መንገር አይከፋም።

ገንዘቡን እንየው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ወደ ሥራ ካልተመለሱ የሚጠይቋቸው ሦስት ክፍያዎች አሉ። የቀን ደሞዝዎን 400 ብር እንበል፣ 12,000ን ለ30 አካፍለን። የመጀመሪያው ካሳ ነው፤ የ180 ቀን ደሞዝ፣ 72,000 ብር። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ነው፤ ሦስት ወር፣ 36,000 ብር። ሦስተኛው የስንብት ክፍያ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም የ10 ቀን ደሞዝ ይጨመራል። 21 ዓመት ብንል 30 ሲደመር 200፣ በድምሩ የ230 ቀን ደሞዝ ነው፤ 92,000 ብር። ሦስቱ ሲደመሩ 200,000 ብር ይሆናል። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በገንዘብ ይታሰባል። ፍርድ ቤት ይህን ሁሉ እንደወረደ ይሰጥዎታል ብዬ ቃል አልገባም፤ ክርክር ነው። ግን ሽማግሌዎቹ የያዙት 50,000 ብር ከምን ላይ እንደተቆረሰ አሁን ያያሉ።

ጡረታው ደግሞ በዚህ ውስጥ የለም። የእድሜ ልክ አበል ነው። ለአሥር ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ ይከፈላል። ከአሥር በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አማካይ ደሞዝዎ 10,000 ብር ቢሆን በአሥር ዓመት 3,000 ብር ነው። አራቱ ዓመት ተመልሰው 13 ዓመት ቢቆጠርልዎት፣ ወራቱን ትተን፣ 3,375 ብር ይሆናል፤ በየወሩ። አሥሩ ዓመት ሳይሞላ 60 ከገቡ ግን የሚሰጥዎት አንድ ጊዜ ተቆጥሮ የሚያልቅ ዳረጎት ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ ከሁሉም በላይ ልንይዘው የሚገባው ይህንን ነው። ባለቤትዎም ይህን ቁጥር ይወቁት። እሳቸው «ተቀበል» ያሉት ጡረታው የተጠበቀ መስሏቸው ነው። እውነቱን ቢያውቁ ምን ይሉ ነበር? ዛሬ ማታ ከልጅዎ በፊት ለእሳቸው ይንገሯቸው። ከሽማግሌ አፍ ቢሰሙት ይከፋቸዋል።

አሁን የጊዜውን ነገር። ወደ ሥራ እንዲመለሱ የሚጠይቅ ክስ መቅረብ ያለበት ከስንብቱ ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። የካሳና የሌላው ክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር አለው። የእርስዎ ሦስት ወር ነሐሴ 12 ላይ ያልቃል። ሆኖም ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤቶች ለክረምት እረፍት ይዘጋሉ፤ ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ለእርስዎ የመጨረሻው ቀን ሐምሌ አጋማሽ ነው ብለው ይያዙት። «ሽማግሌዎቹ ገና እየተነጋገሩ ነው» የሚለው ቃል ይርጋን አያቆምም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ እሁድ ለሌላ እሁድ ይቀጠራል፣ ፍልሰታ ይገባል፣ «ከፆሙ በኋላ» ይባላል፣ ከዚያ ጊዜው አልፏል።

ክሱ የሚቀርበው በከተማው ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር በሚያየው ችሎት ነው። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል፤ በተግባር ሊዘገይ ይችላል። ጠበቃ የመክፈል አቅም ከሌለዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ክስ ይጽፉልዎታል፤ አይፈሩ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጉዳይ ለእነሱ አዲስ አይደለም። ክሱ ላይ «ወደ ሥራዬ ልመለስ፣ ውዝፍ ደሞዜ ይከፈለኝ» የሚለው አንደኛ ይሁን። «ይህ ካልሆነ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያና የስንብት ክፍያ» የሚለው በአማራጭ ይጻፍ።

ወደ ሥራ መመለስን ለምን አስቀደምኩ? ከተመለሱ አገልግሎትዎ እንዳልተቋረጠ ይሆናል፣ ሰኔ 30ም ያልፋል። ሆኖም እዚህ ላይ ልብዎን ልጠይቅዎት። እዚያ ጋቢና ውስጥ እንደገና መቀመጥ ይፈልጋሉ? ቁልፉን ከእሳቸው እጅ መቀበል ይችላሉ? ለጥቂት ወር ብቻ፣ እስከ ጥቅምት ነው። «እችላለሁ» ካሉ ጥሩ። «አልችልም» ካሉም ነውር የለውም። ዳኛውም ግንኙነቱ ክፉኛ ተበላሽቷል ብሎ ካመነ፣ እርስዎ መመለስ ቢፈልጉ እንኳ በካሳ እንዲሰናበቱ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ተስፋዎን በሙሉ በመመለሱ ላይ አያስሩ።

ለዚህ ነው ሌላ በር ክፍት እንዲሆን የምፈልገው። የጡረታ አገልግሎት በአንድ አሠሪ ላይ የተቸነከረ አይደለም። በዚያው መለያ ቁጥር ሌላ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩት ይደመራል። በእሳቸው መዝገብ እንኳ የሚጎድልዎት ሰባት ሳምንት ነው፤ ጥቅምት ደግሞ ገና ወራት ይቀሩታል። ሁለት ወይም ሦስት ወር በሕጋዊ ውል የሚቀጥርዎት ሰው ካገኙ፣ መዋጮውም በየወሩ ከገባ፣ 60 ሳይሞላዎት አሥሩ ዓመት ይዘጋል። ውሉ ከ45 ቀን ያላነሰ መሆን አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ቅጥር በጡረታ አዋጁ አይሸፈንም። «በቀን እየከፈልኩህ ንዳልኝ» የሚልዎት ሰው ለኪስ እንጂ ለጡረታ አይጠቅምዎትም። ሃያ ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ሾፌር የሚያውቀው ባለ መኪና አያጣም። ከድርጅቱ የሥራ ልምድ ወረቀት ይጠይቁ። ይህ ሕጉ የሚያስገድዳቸው ነው፤ ለማግኘት ክሊራንስ ላይ ያለውን «አልጠይቅም» የሚል ቃል መፈረም የለብዎትም። መኪናውንና ዕቃውን ያስረከቡበትን ወረቀት ብቻ ይፈርሙ፤ ይህ ተገቢ ነው።

ይህ ሥራ ክሱን የሚያስቀር አይደለም። አራቱ ዓመት መጠየቃቸው አይቀርም። ግን ክረምቱ ቢረዝም፣ ክርክሩ ቢንዛዛ፣ ጥቅምት ባዶ እጅዎን አያገኝዎትም።

እሁድን እንመለስበት። ከአበልጅ ጋር ፍርድ ቤት መቆም ለእኛ አገር ሰው ቀላል አይደለም። ባለቤትዎ ያሉት ከፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ልጅዎ ነገ ሲዳር የክርስትና አባቱ ወንበር ባዶ እንዲሆን አይፈልጉም። ልጅዎ ደግሞ የተነደፈው በእጥፍ ነው፤ አባቱም የክርስትና አባቱም ናቸውና። እሁድ እሱ ባይቀመጥ ደስ ይለኛል። አንድ ያመለጠ ቃል ሽማግሌዎቹን ያስነሳቸዋል፤ ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ልጅዎ ብልግና ይሆናል።

ለሽማግሌዎቹ ምን ይበሏቸው? ከገንዘቡ አይጀምሩ። «ስለ ብሩ በኋላ እንነጋገር። መጀመሪያ ከ2003 እስከ 2007 ያለው የጡረታ መዋጮዬ ለአስተዳደሩ ይግባልኝ። ይህንንም በጽሑፍ ያረጋግጥልኝ» ይበሉ። ይህ ጥያቄ ለሽማግሌ ለመካድ ይከብዳል፤ ሌላ ሰው ኪስ የሚገባ ነገር ስላልሆነ። አሠሪዎ ጽሑፍ ከሰጡ ትልቅ ነገር ነው። ያልተከፈለ መዋጮ መኖሩን በራሳቸው ፊርማ አመኑ ማለት ነው። ካንገራገሩም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሰምተዋል።

ቀጥለውም በግልጽ ይንገሯቸው፦ «ጊዜው እንዳያልፍብኝ ክሱን አስገባለሁ። እርቁን ግን አልዘጋሁም።» ክስ ማስገባትና መታረቅ አብረው ይሄዳሉ። ከታረቃችሁ ስምምነቱን ለችሎቱ ታቀርባላችሁ፤ ዳኛው ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሽማግሌ ያስታረቀው ነገር በዚህ መንገድ ሲጻፍ ነገ «አላልኩም» የሚል ሰው አይኖርም። እውነቱን ለመናገር ለእርስዎ የምመኘው መጨረሻ ይህ ነው። መዋጮው ከነውዝፉ የገባበት፣ ክፍያው ከ50,000 ከፍ ያለበት፣ በችሎት የጸደቀ እርቅ። ለዚያ ግን በእጅዎ ክስ መኖር አለበት። ያለ ክስ የሚጠየቅ መብት፣ በተለይ ከአበልጅ ሲጠየቅ፣ ልመና ይመስላል።

የሚሠሩትን በቅደም ተከተል ልበልዎት። ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሳጥኑንም አብራችሁ ክፈቱት። እሁድ ሽማግሌዎቹን ያነጋግሩ፤ አይፈርሙ። ሰኞ ጠዋት ማህበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የመዋጮውን ታሪክ በጽሑፍ ይጠይቁ። በዚያው ሳምንት የስንብት ደብዳቤውን፣ የቅጥር ደብዳቤውንና ያገኟቸውን የደሞዝ ወረቀቶች ይዘው ወደ ነፃ የሕግ ድጋፉ ይሂዱ። ዋናዎቹን ለማንም አይስጡ፤ ፎቶ ኮፒ ይበቃል። የጋራዡን ደረሰኝ ቀን ያያችሁ ጊዜ ደግሞ ከየካቲት 25 በስንት ቀን እንደሚርቅ ጻፉልኝ፤ ከመጋቢት ወር ካላለፈ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።